ቀበቶ፣ የሰዓት ማሰሪያና ጫማ፦ ስለ ቆዳ ቀለም ማዛመድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥቁር ቆዳ ብዙ አያስቸግርም። ጥቁር ጫማ፣ ጥቁር ቀበቶ፣ አለቀ። ሰው የሚቸገረው ቡኒ ላይ ነው። ቡኒ ከማር መልክ ተነስቶ ጥቁር ሊመስል ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ስለሚሄድ ሁለት «ቡኒ» ዕቃዎች አብረው ሲለበሱ ጭራሽ ላይተዋወቁ ይችላሉ። ስለዚህ እዚህ ያለው አብዛኛው መልስ ስለ ቡኒ ነው።

ሦስቱም የግድ አንድ ዓይነት ቀለም መሆን አለባቸው?

ከአንድ ወገን መሆን አለባቸው እንጂ ከአንድ ቆዳ የተቆረጡ መምሰል የለባቸውም። ጥቁር ጫማ ካደረግክ ቀበቶህም ጥቁር ይሁን፣ የሰዓትህ ማሰሪያ ቆዳ ከሆነ እሱም ጥቁር። ቡኒ ካደረግክ ሁሉም ወደ ቡኒ ይምጣ። ጥቁር ቀበቶ ከቡኒ ጫማ ጋር በሱፍ ልብስ ላይ አታድርግ፤ ይሄ ላይ አልደራደርም።

መሪው ጫማው ነው። ከሦስቱ ሰፊውን ቆዳ የያዘው እሱ ነው፣ ዋጋውም ይከብዳል፣ በየቀኑ የምትቀይረውም አይደለም። ስለዚህ ጠዋት ስትለብስ መጀመሪያ ጫማውን ወስን፣ ከዚያ ቀበቶውን ፈልግለት። ሰዓቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ሙሉ ልብስ ስትለብስ የሸሚዝህ እጅጌ ግማሹን ስለሚሸፍነው ትንሽ ልዩነት ቢኖረው ማንም አይከስህም። አጭር እጅጌ ስትለብስ ግን ማሰሪያው ሙሉ በሙሉ ስለሚታይ ነገሩ ይለወጣል።

ቡኒ ከቡኒ ምን ያህል ይቀራረብ? በትክክል አንድ ዓይነት ማግኘት አልቻልኩም።

አትድከም፣ በትክክል አንድ ዓይነት የምታገኘው ከአንድ አምራች በአንድ ላይ የተሸጠ ከሆነ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ዓመት ሳይሞላው ይለያያል። ጫማው ቀለም ይቀባል፣ ቀበቶው አይቀባም፤ ጫማው ፀሐይና አቧራ ይጠጣል፣ ቀበቶው ከኮት ሥር ይውላል።

መመልከት ያለብህ ከሁሉ በፊት የቀለሙን ድምቀትና ጥቁረት ነው። ሰው ከሁለት ሦስት ሜትር ሲያይህ ቀበቶህ ቀላ ይበል ቢጫማ ይሁን አይለይም። አንዱ ነጣ፣ ሌላው ጠቆር ማለቱን ግን ወዲያው ያየዋል። ቀላል መፈተኛ አለ፦ ጫማውንና ቀበቶውን ጎን ለጎን አስቀምጥና በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ ከዚያ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው። ሁለቱ የሚቀራረብ ግራጫ ከሆኑ አብረው ይሄዳሉ። አንዱ ነጭ ሊሆን ትንሽ የቀረው፣ ሌላው ጥቁር ከሆነ ተዋቸው።

ልዩነት መኖሩ ካልቀረ ቀበቶው ከጫማው ትንሽ ይጥቆር እንጂ አይንጣ። ነጣ ያለ ቀበቶ ዓይንን ወገብ ላይ ያስቀራል፣ ሰውየውንም ሁለት ቦታ የቆረጠው ያህል ያሳጥረዋል። ትንሽ የጠቆረ ቀበቶ ግን ከሱሪው ጋር ተቀላቅሎ ያልፋል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው አንጸባራቂነቱ ነው። እንደ መስታወት የሚያበራ ጫማ ከደበዘዘ፣ ሸካራ ቀበቶ ጋር ቀለሙ ቢገጥም እንኳ የተጣላ ይመስላል። የሚያበራ ከሚያበራ፣ የደበዘዘ ከደበዘዘ።

ሱቅ ውስጥ ገጥሞ ነበር፣ ቤት ስደርስ ግን ሌላ ሆነ። ለምን?

መብራቱ ነው። ቢጫ አምፑል ሥር ቡኒ ሁሉ ይሞቃል፣ ይቀራረባል፤ ነጭ አምፑል ደግሞ ቀላ ያለውን ቡኒ ወደ ግራጫ ይጎትተዋል። ሁለት ቆዳዎች በተለያየ ማቅለሚያ ከተቀለሙ በአንድ መብራት አንድ መስለው በሌላው ሊለያዩ ይችላሉ። ባለሱቁ አታሎህ አይደለም።

ጫማውን ይዘህ ሂድ፣ ወይም አድርገኸው ሂድ። ቀበቶውን አንስተህ ወደ በሩ ውጣና በቀን ብርሃን፣ በጥላ በኩል ሆነህ አስተያየው። ቀጥታ ፀሐይ ላይ አይሁን፣ ያበራና ያሳስትሃል። መርካቶም ሆነ ፒያሳ «በሩ ጋ ልየው» ብትል ባለሱቆች አይከለክሉህም፣ የለመዱት ነው።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ቀበቶውን ከጫማው አፍንጫ ጋር ማስተያየት ነው። አፍንጫውና ተረከዙ ላይ የጫማ ቀለም በብዛት ስለሚከማች ከሌላው ቦታ ጠቆር ይላሉ። ከጫማው ጎን ጋር፣ ከጣቶቹ መታጠፊያ ኋላ ካለው ሰፊ ቦታ ጋር አስተያየው። የጫማው እውነተኛ ቀለም እዚያ ነው ያለው።

ፎቶ ልኮ በስልክ መግዛትስ ከተባለ፣ ለጥቁር ይሆናል። ለቡኒ አልመክርም። የስልክ ካሜራ የብርሃኑን ሁኔታ ገምቶ ቀለሙን በራሱ ያስተካክላል፣ የሚያሳይህም ግምቱን ነው።

ለሠርግ ሚዜ ነኝ። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ማር መልክ ያለው ቡኒ ጫማ ተገዝቷል። ያለኝ ጥቁር ቡኒ ቀበቶና ጥቁር ማሰሪያ ያለው ሰዓት ነው። ምን ላድርግ?

ይሄ ጥያቄ የሠርግ ወቅት በመጣ ቁጥር ይመጣል፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ላይ ነጣ ያለ ቡኒ ጫማ በጣም ይጎላል። ሱፉ ጠቆር ስለሚል ዓይን ቀጥታ እግር ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ቀበቶው ጥቁር ቡኒ ሲሆን ልዩነቱ ይታያል፣ ሆኖም ኮቱ እስከተቆለፈ ድረስ ቀበቶው ራሱ አይታይም። ችግሩ የሚመጣው ምሳ ላይ ኮት ሲወልቅና ጭፈራ ሲጀመር ነው፣ ፎቶው የሚበዛውም ያኔ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንጨርስ። ጥቁሩ ማሰሪያ ይውጣና ቡኒ ይግባ። መካከለኛ ቡኒ ይበቃል፣ ከጫማው ጋር ካልተካከለ ብለህ አትጨነቅ። የብረት ማሰሪያ ያለው ሰዓት ካለህ ወይም ከወንድምህ መዋስ ከቻልክ ደግሞ እሱን አድርግና ጥያቄው ይዘጋ፤ ብረት ከጥቁርም ከቡኒም ጋር አይጣላም።

ለቀበቶው ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው ከጫማው ጋር የሚቀራረብ፣ አንድ ደረጃ ብቻ የጠቆረ ቀበቶ መግዛት ነው። ወርዱ ከ3 እስከ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነው የጂንስ ነው፣ ሱፍ ሱሪ ላይ ይከብዳል፣ የቀበቶ ማስገቢያውም ላያስገባው ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ጫማውን ወደ ቀበቶው ማምጣት ነው። ቆዳ ይጠቁራል እንጂ አይነጣም፣ ስለዚህ ይሄ የሚሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጠውን ክሬም ከጫማው አንድ ደረጃ የጠቆረውን ትይዝና ስስ አድርገህ ጫማውን ሙሉ ትቀባለህ፣ አድርቀህ በብሩሽ ትመታዋለህ፣ በማግስቱ ትደግማለህ። በጥቂት ዙር ጫማው ቀስ እያለ ይጠልቃል። ግን ለሁሉም ጫማ አይሆንም። ቆዳው ላዩ ላይ እንደ ፕላስቲክ ያለ ሽፋን ካለው ክሬሙ አይገባም። ለማወቅ በጫማው ምላስ ላይ፣ ቀለም ባልነካው ቦታ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ጣል። ቆዳው ውሃውን ጠጥቶ ከጠቆረ ክሬሙንም ይጠጣል። ውሃው እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከቀረ ቀበቶ ግዛ።

እኔ ብሆን ቀበቶውን እገዛለሁ። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው አዲስ ጫማ ላይ ቀለም መሞከር ጥሩ ሐሳብ አይደለም። እና አንድ ነገር፦ ሚዜዎች ብዙ ከሆናችሁ ቀበቶውን አንድ ሰው ለሁሉም ከአንድ ሱቅ ይግዛ። ሱፉና ጫማው አንድ ሆኖ ቀበቶው አምስት ዓይነት ሲሆን ፎቶ ላይ ያስታውቃል።

ሊስትሮ ቡኒ ጫማዬን አጠቆረው። ቀበቶዬ ከእንግዲህ አይገጥምም። ይመለሳል?

እንደተቀባው ነገርና እንደቆየበት ጊዜ ይለያያል።

በቆርቆሮ የሚመጣው ሰም የበዛበት ቀለም በአብዛኛው ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ትኩስ ከሆነ በጥቂት ውሃ የረጠበ ጨርቅ፣ ከዚያ በቆዳ ማጽጃ ወይም የቆዳ ሳሙና ደጋግመህ ብታብሰው ብዙው ይለቃል። ስፌቱና መታጠፊያው ውስጥ የገባው ግን ላይወጣ ይችላል። ክሬም ከሆነ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ቤንዚን ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አትሞክር። ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን የቆዳውን የራሱን ቀለም አብሮ ያነሳና ጫማው ነብር ይመስላል።

ካልተመለሰ የሚሻለው ሙሉ ጫማውን እኩል አድርጎ ጥቁር ቡኒ ማድረግና በጥቁር ቡኒ ቀበቶ መልበስ ነው። ጥቁር ቡኒ ጫማ ደግሞ ጥሩ ጫማ ነው፣ ከግራጫም ከጥቁር ሰማያዊም ጋር ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ለልጁ ከመቀመጥህ በፊት ንገረው፣ ከተቀባ በኋላ መናገር ዋጋ የለውም። ነጣ ላለ ቡኒ «ቀለም የሌለውን ቀባልኝ» በለው። ቀለም የሌለው የጫማ ቀለም አለ፣ አንዳንድ ሊስትሮዎች ሣጥናቸው ውስጥ ይይዙታል። የራስህን ቆርቆሮ ይዘህ ብትሄድም ቅር አይላቸውም። ብሩሹንም ተመልከት፤ አሁን ጥቁር ጫማ ያበራበት ብሩሽ ወደ አንተ ማር መልክ ጫማ ከመጣ በብሩሹ ላይ የቀረው ጥቁር ጫማህ ላይ ያርፋል። ብዙ ጊዜ ጫማ ሳይታወቅ የሚጠቁረው በቆርቆሮው ሳይሆን በዚህ ነው። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም፣ ከቀን አንድ ሁለት ቡኒ ጫማ ለሚያይ ልጅ ሦስት ዓይነት ብሩሽ መያዝ ከባድ ነው። የሚመጣለት አብዛኛው ጫማ ጥቁር ነው።

የሰዓት ማሰሪያ ለመቀየር ሰዓት ሠሪ ጋ መሄድ አለብኝ?

መሄድ ትችላለህ፣ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ቤት ውስጥም ይሠራል። ማሰሪያው ከሰዓቱ ጋር የሚያያዘው ሁለቱም ጫፉ ላይ በሚጨመቅ ትንሽ የስፕሪንግ ዘንግ ነው። በሰዓቱ ጀርባ በኩል፣ ማሰሪያውና ብረቱ በሚገናኙበት ቦታ ቀጭን ሹል ነገር አስገብተህ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውስጥ ስትገፋው ይወጣል። ጨርቅ አንጥፈህ ሥራ፣ ዘንጉ ተስፈንጥሮ ይጠፋል። አሁን አሁን የሚሸጡ አንዳንድ ማሰሪያዎች ጀርባቸው ላይ በጥፍር የምትስባት ትንሽ እጀታ ስላላቸው መሣሪያም አያስፈልግም።

ከመግዛትህ በፊት የሚለካው ማሰሪያውን በሚይዙት ሁለት የሰዓቱ ቀንዶች መካከል ያለው ክፍተት ነው፣ በሚሊ ሜትር። በወንዶች ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ 18፣ 20 ወይም 22 ታገኛለህ። አንድ ሚሊ ሜትር ቢበልጥ ይጨማደዳል፣ ቢያንስ ክፍተት ይታያል፣ ስለዚህ በዓይን አትገምት።

ለአንድ ሰዓት ሁለት ማሰሪያ፣ አንድ ጥቁር አንድ ጥቁር ቡኒ፣ መያዝ ሁለት ሰዓት ከመግዛት በጣም ይረክሳል። ነጣ ያለ ቡኒ ማሰሪያ ግን ቶሎ ያረጃል። ቀኑን ሙሉ ላብ ላይ ነው የሚውለው፣ ከውስጥ በኩል ጀምሮ ይጠቁራል። ከቀበቶህ ጋር ገጥሞ የገዛኸው ማሰሪያ ከወራት በኋላ ጠቆር ቢል ከዚህ የተነሳ ነው።

የቀበቶው ዘለበትና የሰዓቱ ብረትስ?

ሰዓትህ ብርማ ከሆነ ዘለበቱም ብርማ ይሁን፣ ወርቃማ ከሆነ ወርቃማ። የጋብቻ ቀለበት ከዚህ ሕግ ውጭ ነው፣ በቀለበትህ ምክንያት ሰዓት አትቀይር። ጫማህ ላይ ዘለበት ካለ ግን እሱም ይቆጠራል። ትልቅ ምልክት የተለጠፈበት ዘለበት ሱፍ ላይ ባይደረግ እመርጣለሁ፤ የቆዳውን ቀለም ማዛመድህን ራሱ ያስረሳል።

ስኒከር ሳደርግስ? ነጭ ስኒከር ነው የማዘወትረው።

ነጭ ቀበቶ አትፈልግ። ስኒከር ከቀበቶ ጋር እንዲገጥም ማንም አይጠብቅም። ጂንስ ላይ ቡኒ ቀበቶ አድርግና ሰዓትህም ቡኒ ማሰሪያ ይኑረው፣ ሁለቱ እርስ በርስ ከተስማሙ በቂ ነው። የጨርቅ ወይም የጎማ ማሰሪያም ይሆናል።

ሱዊድ ጫማ፣ ያ ላዩ ጸጉር ጸጉር የሚለው ቆዳ፣ ትንሽ የተለየ ነው። ሱዊድ ቀበቶ የግድ አይደለም፣ ግን የሚያበራ ቀበቶ አይስማማውም። ያልተወለወለ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ጥቁረቱ የሚቀራረብ ቀበቶ ፈልግ።

የሀገር ባህል ልብስ ስለብስ ቀበቶውን ላስብበት?

ረጅሙ እጀ ጠባብ ወገብህን ስለሚሸፍነው ቀበቶው አይታይም። የሚታዩት ጫማውና ሰዓቱ ናቸው። ነጭ ልብስ ላይ ቡኒ ከጥቁር ይልቅ ለስለስ ይላል፣ የጥለቱ ቀለም ወርቃማ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ጫማው ስለሚወልቅ ካልሲህን አስብበት።

በሁለት በኩል የሚለበስ ቀበቶ፣ አንድ ጎኑ ጥቁር ሌላው ቡኒ፣ ይጠቅማል?

ለመንገድ ይጠቅማል፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም። ግን ቡኒ ጎኑ ብዙ ጊዜ በጣም ጥቁር ቡኒ ነው። ጥቁር ቡኒ ጫማ ካለህ ግዛው፣ ነጣ ያለ ከሆነ አይሠራልህም። ጠርዙንም አስተውል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቁር ስለሚቀለም በቡኒ ጎኑ ስትለብሰው ዙሪያውን ጥቁር መስመር ይታያል።

ለባለቤቴ ቀበቶ በስጦታ መስጠት እፈልጋለሁ፣ እሱ ሳያውቅ። እንዴት ልምረጥ?

መጀመሪያ ጫማዎቹን እይ፣ ልብሶቹን ተያቸው። አዘውትሮ የሚያደርገው የትኛው ነው? ጥቁር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፣ ለስላሳ ጥቁር ቀበቶ ግዢለት። ቡኒ ከሆነ ግን አንዱን ጫማ በፌስታል ይዘሽ ወደ ሱቅ ብትሄጂ ይሻላል፣ ለሁለት ሰዓት ጫማው መጥፋቱን አያውቅም።

ለልክ አሁን የሚያደርገውን ቀበቶ ዘርግተሽ ለኪ፦ ዘለበቱ ከቆዳው ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ተነስተሽ እሱ እስከሚቆልፍበት ቀዳዳ ድረስ። አዲሱ ቀበቶ በዚያ ልክ መሃለኛው ቀዳዳ ላይ ቢውል ጥሩ ነው።

ቆዳው እውነተኛ መሆኑን ለማየት የተቆረጠውን ጫፍና የቀዳዳዎቹን ውስጥ ተመልከቺ። ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ፣ ቃጫ ቃጫ የሚመስል ቆዳ ከሆነ ይበረክታል። ስስ ቀለም ያለው ሽፋን ከሥሩ ካለው ካርቶን የመሰለ ነገር ላይ ተለጥፎ ካየሽ ተይው፣ መጀመሪያ ቀዳዳው አካባቢ ይሰነጠቃል ከዚያ እየተላጠ ይሄዳል። ያኔ ከጫማው ጋር መግጠሙ ምንም አይጠቅምም። በዋጋው ተከራከሪ፣ ግን የመለወጥ ነገር ካለ ደረሰኙን ያዢ፤ ቤት ወስደሽ በቀን ብርሃን ከሰዓቱ ማሰሪያ ጋርም አስተያይው።